ከማትሪክስ ብዜት እስከ ኤስቪዲ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በማሽን ለርኒንግ ኮርሶች መጀመሪያ ላይ ሦስት ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ፦ የማትሪክስ ብዜት፣ አይገንቫልዩ እና ኤስቪዲ፣ ማለትም ማትሪክስን በሲንጉላር ቫልዩዎቹ መበተን። ብዙ ጊዜ ሦስቱም በተለያየ ምሳሌ ስለሚቀርቡ ዝምድናቸው አይታይም። እዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምንሠራው በአንድ ትንሽ ሰንጠረዥ ነው፤ ስሌቱን በሙሉ በወረቀትና በእርሳስ ማረጋገጥ ይቻላል።

ሰንጠረዡ አራት ተማሪዎች በሁለት ፈተናዎች ከ10 ያገኙትን ውጤት የያዘ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ተማሪ፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ፈተና ነው።

```
D = 10  7
     7  8
     5  6
     6  3
```

አራት ረድፍና ሁለት ዓምድ ስላለው ቅርጹ 4×2 ነው እንላለን። ሁልጊዜ ረድፍ ይቀድማል።

## ብዜቱ ለምን ረድፍ በዓምድ ሆነ? ትይዩ ትይዩውን ቁጥር ማባዛት አይቀልም ነበር?

ይቀላል፤ የሚሰጠው ነገር ግን ሌላ ነው። የማትሪክስ ብዜት የሚሠራው የተመዘነ ድምር ነው። የመጨረሻው ውጤት ከፈተና 1 ላይ 30 በመቶ፣ ከፈተና 2 ላይ 70 በመቶ ተወስዶ ይሰላ እንበል። ለመጀመሪያው ተማሪ 10×0.3 + 7×0.7 = 7.9 ይሆናል። ይህ እንግዲህ የተማሪው ረድፍ በክብደቶቹ ዓምድ ሲባዛ ማለት ነው። ለአራቱም ተማሪዎች ብንሠራው 7.9፣ 7.7፣ 5.7 እና 3.9 እናገኛለን።

ሌላ መምህር መጥቶ «እኔ የምመዝነው ግማሽ በግማሽ ነው» ቢልስ? ሁለተኛ የክብደት ዓምድ እንጨምራለን፤ ውጤቱም ሁለተኛ ዓምድ ያገኛል፦

```
10  7                   7.9  8.5
 7  8   ×  0.3  0.5  =  7.7  7.5
 5  6      0.7  0.5     5.7  5.5
 6  3                   3.9  4.5
```

በኒውራል ኔትወርክ ውስጥ አንድ ንብር የሚያደርገው ዋናው ሥራ ይኸው ነው። የክብደት ማትሪክሱ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ኒውሮን ግብዓቶቹን እንዴት እንደሚመዝን ይናገራል።

ደንቡ እንዲህ የሆነበት ጥልቅ ምክንያትም አለ። አንድ ለውጥ በሌላ ለውጥ ላይ ሲደረብ፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚተካው ማትሪክስ በዚህ ደንብ የተባዛው ብቻ ነው። አርተር ኬይሊ በ1858 የማትሪክስን አልጀብራ ሲያቀርብ የተነሳውም ከዚህ ነበር።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልብ ይበሉ። ያንኑ ብዜት ከዓምድ በኩል ማየትም ይቻላል፦ 0.3 ጊዜ የመጀመሪያው ዓምድ፣ ሲደመር 0.7 ጊዜ ሁለተኛው ዓምድ። ቁጥሩ አይለወጥም። ግን ማትሪክስ በቬክተር ሲባዛ የሚወጣው የዓምዶቹ ቅይጥ መሆኑን ከያዙ ኤስቪዲ ላይ ሲደርሱ ግማሽ መንገድ ሄደዋል።

## ቅርጾቹ መግጠማቸውን በምን አውቃለሁ?

ሁለቱን ቅርጾች ጎን ለጎን ይጻፉ፦ (4×2)(2×2)። መሐል ላይ የተጎራበቱት ሁለት ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው፤ ዳርና ዳር የቀሩት የውጤቱ ቅርጽ ናቸው። እዚህ መሐሉ 2 እና 2 ነው፤ ውጤቱ 4×2። የ4×2 ማትሪክስን በራሱ ለማባዛት ከሞከሩ መሐሉ 2 እና 4 ይሆናል፤ ፓይተንም እንዲህ ብሎ ይመልስልዎታል፦

```
ValueError: matmul: Input operand 1 has a mismatch in its core
dimension 0 ... (size 4 is different from 2)
```

ቁጥር የሚጀምረው ከ0 ስለሆነ «operand 1» የሚለው ሁለተኛውን ማትሪክስ ነው። «dimension 0» ደግሞ የረድፎቹን ብዛት ነው። መልእክቱ «ሁለተኛው ማትሪክስ 4 ረድፍ አለው፣ እኔ የምጠብቀው 2 ነበር» እያለ ነው።

ይህን ስሕተት ብዙ ጀማሪ የሚፈታው መልእክቱ እስኪጠፋ ድረስ ረድፍና ዓምድን የሚገለብጠውን `.T` እየጨመረ ነው። ይህ አደገኛ ልማድ ነው። ሁለቱም ማትሪክሶች ካሬ ከሆኑ በየትኛውም መንገድ ቢባዙ ስሕተት አይወጣም፤ የተሳሳተ ቁጥር ግን ይወጣል። ከዚህም የባሰው ለማትሪክስ ብዜት `@` መጻፍ ሲገባ ትይዩ ትይዩውን የሚያባዛውን `*` መጻፍ ነው። `D * w` ላይ `w` ሁለት ቁጥር የያዘ ተራ ዝርዝር ከሆነ ፕሮግራሙ ያለ ምንም ቅሬታ እያንዳንዱን ዓምድ በየክብደቱ ያባዛል፤ ሳይደምር ያቆማል። አራት ቁጥር ሲጠብቁ 4×2 ሰንጠረዥ ከወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከእያንዳንዱ ብዜት በኋላ `.shape` ማተም የግማሽ ቀን ፍለጋ ያስቀራል።

## ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል?

አዎ፤ AB እና BA በአብዛኛው እኩል አይደሉም። አንዳንዴ አንደኛው ጭራሽ የለም።

ቅንፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። (AB)x እና A(Bx) እኩል ናቸው፤ ልዩነቱ በድካሙ ላይ ነው። A እና B 1000×1000 ቢሆኑ፣ x ደግሞ 1000 ቁጥር ያለው ቬክተር ቢሆን፣ መጀመሪያ AB ማባዛት በተለመደው መንገድ አንድ ቢሊዮን ያህል ብዜት ይጠይቃል። መጀመሪያ Bx ካሉ ሁለቱም እርምጃ ተደምሮ ሁለት ሚሊዮን ብቻ ነው። ኮድ ሲጽፉ ቬክተሩ ያለበትን ጫፍ ማስቀደም ያዋጣል፤ `A @ B @ x` ተብሎ ያለ ቅንፍ ሲጻፍ ፓይተን ከግራ ነው የሚጀምረው።

## XᵀX የሚባለው ነገር በየቦታው ለምን ይመጣል?

መጀመሪያ ከD ወደ X እንሂድ። የፈተና 1 አማካይ 7፣ የፈተና 2 አማካይ 6 ነው። ከየዓምዱ የራሱን አማካይ እንቀንስ፦

```
X =  3   1
     0   2
    -2   0
    -1  -3
```

አሁን እያንዳንዱ ዓምድ ሲደመር 0 ነው። ቁጥሮቹ የሚነግሩን ተማሪው ከአማካዩ ስንት እንደራቀ ነው።

Xᵀ ትራንስፖዝ ይባላል፤ ረድፎቹን ዓምድ በማድረግ የተገለበጠው X ነው፣ ቅርጹ 2×4። XᵀX ስናባዛ መሐሉ 4 እና 4 ይገጥማል፤ ውጤቱ 2×2 ይሆናል፦

```
S = XᵀX = 14   6
           6  14
```

የላይኛው ግራ 14 የመጣው ከ 3² + 0² + (−2)² + (−1)² ነው፤ ፈተና 1 ምን ያህል እንደተበተነ ይለካል። 6 የሁለቱ ዓምዶች ትይዩ ብዜት ድምር ነው፦ 3×1 + 0×2 + (−2)×0 + (−1)×(−3)። አዎንታዊ መሆኑ በአንዱ ፈተና ከፍ ያለ ተማሪ በሌላውም ከፍ የማለት ዝንባሌ እንዳለው ያሳያል። S በ3 ሲካፈል፣ ማለትም ከረድፎቹ ብዛት አንድ ተቀንሶ፣ ኮቫሪያንስ ማትሪክስ ይሆናል። ማካፈሉ አቅጣጫዎቹን ስለማይነካ ለጊዜው እንተወው።

## አይገንቫልዩ በቀላሉ ምንድን ነው?

S ማንኛውንም ቬክተር ሲያባዛ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ያዞረዋል፣ ርዝመቱንም ይለውጣል። ለምሳሌ (1, 0) ሲባዛ (14, 6) ይሆናል። አቅጣጫው ተለወጠ።

አሁን (1, 1)ን ይሞክሩ። 14+6 = 20፣ 6+14 = 20፤ ውጤቱ (20, 20)። አልዞረም፤ በዚያው መስመር ላይ 20 እጥፍ ረዘመ። (1, −1)ስ? (8, −8) ይሆናል፤ እሱም አልዞረም፣ 8 እጥፍ ረዘመ። ሳይዞሩ የሚቀሩት አቅጣጫዎች አይገንቬክተር፣ የሚረዝሙበት እጥፍ (20 እና 8) አይገንቫልዩ ይባላሉ። «አይገን» በጀርመንኛ «የራስ» ማለት ነው፤ የማትሪክሱ የራሱ አቅጣጫዎች ናቸው እንደማለት።

ከመረጃው ጋር ስናያይዘው ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል። (1, 1) «ሁለቱም ፈተና አብሮ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት» ነው። (1, −1) «አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ማለት» ነው። አራቱ ተማሪዎች የሚለያዩት በዋናነት በመጀመሪያው ነው፤ ድርሻው 20 ሲካፈል ለ28፣ ማለትም 71.4 በመቶ ገደማ። ፒሲኤ የሚባለው ዘዴ በመሠረቱ ይህችው ስሌት ናት።

## በእጅ እንዴት ነው የሚገኘው? ቬክተሩን ገምቶ መሞከር ሁልጊዜ አይሠራማ።

አይገንቬክተሩን v፣ አይገንቫልዩውን λ ካልን ሳይዞር መርዘሙ Sv = λv ማለት ነው፤ ይህን ወደ አንድ ወገን ስናመጣው (S − λI)v = 0 ይሆናል። I ሰያፉ ላይ 1፣ ሌላው 0 የሆነ ማትሪክስ ነው። ዜሮ ያልሆነ v የሚኖረው የS − λI ዲተርሚናንት፣ ማለትም የሰያፉ ቁጥሮች ብዜት ሲቀነስ የሌሎቹ ሁለቱ ብዜት፣ 0 ሲሆን ብቻ ነው፦

```
(14 − λ)(14 − λ) − 6×6 = 0
(14 − λ)² = 36
14 − λ = 6   ወይም   14 − λ = −6
λ = 8        ወይም   λ = 20
```

ቀጥሎ λ = 20ን መልሰን ስናስገባ የመጀመሪያው ረድፍ −6a + 6b = 0 ይሰጣል፤ ስለዚህ a = b፣ ማለትም አቅጣጫው (1, 1) ነው። በ8 ስናስገባ 6a + 6b = 0፤ አቅጣጫው (1, −1)።

ሁለት ማረጋገጫ ሁልጊዜ ይሥሩ። የአይገንቫልዩዎቹ ድምር ከሰያፉ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት፦ 20+8 = 14+14። ብዜታቸው ከዲተርሚናንቱ ጋር እኩል መሆን አለበት፦ 20×8 = 160፣ 14×14 − 6×6 = 160። በፈተና ላይ የምልክት ስሕተትን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

## ኮምፒውተርም እኩልታውን ይፈታል?

አይፈታም። ማትሪክሱ ከፍ ሲል እኩልታው ለጥቃቅን የማጠጋጋት ስሕተት በጣም ስሱ ይሆናል። ኮምፒውተር በድግግሞሽ ነው የሚሠራው። ከእነዚያ ዘዴዎች ቀላሉን በእጅ ማየት ይቻላል፦ ከማንኛውም ቬክተር ተነሥቶ ደጋግሞ በS ማባዛት።

```
(1, 0) → (14, 6) → (232, 168) → (4256, 3744) → (82048, 77952)
```

የሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ያካፍሉ፦ 0.43፣ 0.72፣ 0.88፣ 0.95። ወደ 1 እየሄደ ነው፤ ማለትም ወደ (1, 1)። ትልቁ አይገንቫልዩ በየዙሩ የራሱን አቅጣጫ 20 እጥፍ ሲያሳድግ ሌላኛው 8 እጥፍ ብቻ ስለሚያሳድግ፣ የሁለተኛው አቅጣጫ ድርሻ በየዙሩ በ0.4 እየተባዛ ይከስማል። ሁለቱ አይገንቫልዩዎች ቢቀራረቡ፣ ለምሳሌ 20 እና 19.9 ቢሆኑ፣ በመቶ የሚቆጠር ዙር ይጠይቃል። ቤተ መጻሕፍቶቹ የሚጠቀሙት ከዚህ የረቀቀ ዘዴ ቢሆንም ሐሳቡ የዚሁ ዘመድ ነው። በተግባር ቁጥሮቹ እንዳይገነፍሉ ከየዙሩ በኋላ ቬክተሩ ወደ 1 ርዝመት ይመለሳል።

## ማንኛውም ማትሪክስ አይገንቫልዩ አለው?

የለውም፤ ኤስቪዲ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ካሬ ያልሆነ ማትሪክስ ጭራሽ አይጠየቅም። X ሁለት ቁጥር ተቀብሎ አራት ቁጥር ይመልሳል፤ ገቢውና ወጪው በተለያየ ዓለም ስላሉ «አልዞረም» ማለት ትርጉም የለውም። የማሽን ለርኒንግ መረጃ ደግሞ ካሬ ሆኖ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው።

ካሬ ሆኖም ችግር አለ። ቬክተርን 90 ዲግሪ የሚያዞር ማትሪክስ ሳይዞር የሚያስቀረው አቅጣጫ የለውም፤ አይገንቫልዩዎቹ የሐሳብ ቁጥር ይሆናሉ። ረድፎቹ (1, 1) እና (0, 1) የሆኑት ማትሪክስ ደግሞ ሁለት ሊኖረው ሲገባ ያለው አቅጣጫ አንድ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ነጻ የሆኑት እንደ S ያሉት፣ በሰያፉ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሲሜትሪክ ማትሪክሶች ናቸው። አይገንቫልዩዎቻቸው ሁልጊዜ እውን ቁጥር ናቸው፤ አይገንቬክተሮቻቸውንም እርስ በርስ ቀጤ ነክ አድርጎ መምረጥ ይቻላል። (1, 1) እና (1, −1)ን ይመልከቱ፦ 1×1 + 1×(−1) = 0። XᵀX ደግሞ X ምንም ይሁን ምን ሁልጊዜ ሲሜትሪክ ነው።

## ታዲያ ኤስቪዲ ምን ይጨምራል?

አንድ ጥያቄ ይለውጣል። «የትኛው አቅጣጫ አይዞርም?» ማለቱን ትቶ «በገቢው በኩል የትኞቹ ቀጤ ነክ አቅጣጫዎች፣ ከተባዙ በኋላም በወጪው በኩል ቀጤ ነክ ሆነው ይቀራሉ?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ ማንኛውም ማትሪክስ መልስ አለው። ሐሳቡን በ1870ዎቹ ቤልትራሚና ጆርዳን ለየብቻ ደርሰውበታል።

አጻጻፉ X = UΣVᵀ ነው። በእኛ X ላይ በደረጃ እንሥራው።

የV ዓምዶች የXᵀX አይገንቬክተሮች ናቸው፤ ርዝመታቸው 1 እንዲሆን በ√2 እናካፍላቸዋለን። v₁ = (0.707, 0.707)፣ v₂ = (0.707, −0.707)።

ሲንጉላር ቫልዩዎቹ የአይገንቫልዩዎቹ ዳግም ዘር ናቸው፦ σ₁ = √20 = 4.472፣ σ₂ = √8 = 2.828። Σ እነዚህን ሰያፉ ላይ ይይዛል። አሉታዊ ሊሆኑ አይችሉም፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ ነው የሚደረደሩት።

የቀረው U ነው። Xvን በሲንጉላር ቫልዩው ማካፈል ይበቃል። X በ(1, 1) ሲባዛ የየረድፉ ድምር ነው፦ (4, 2, −2, −4)፤ ወደ 1 ርዝመት ሲመጣ u₁ = (0.632, 0.316, −0.316, −0.632)። X በ(1, −1) ሲባዛ የየረድፉ ልዩነት ነው፦ (2, −2, −2, 2)፤ u₂ = (0.5, −0.5, −0.5, 0.5)። ሁለቱን አባዝተው ቢደምሩ 0 ያገኛሉ። ቀጤ ነክ ይሁኑ ብለን ያስገደድናቸው ነገር የለም፤ ከV የመጣ ነው።

ስለዚህ V ስለ ፈተናዎቹ፣ U ስለ ተማሪዎቹ ይናገራል። u₁ ላይ የመጀመሪያው ተማሪ ከሁሉ በላይ፣ አራተኛው ከሁሉ በታች ናቸው። Σ ደግሞ እያንዳንዱ ዝንባሌ ምን ያህል እንደሚመዝን ይለካል።

## አነስ ያሉትን ሲንጉላር ቫልዩዎች መጣል ማለት ምን ማለት ነው?

σ₂ን ጥለን በσ₁u₁v₁ᵀ ብቻ ሰንጠረዡን መልሰን እንሥራው። የጀመርንበት X በግራ፣ የቀረው በመካከል፣ የጠፋው በቀኝ ነው፦

```
  X          የቀረው       የጠፋው
 3   1      2   2       1  -1
 0   2      1   1      -1   1
-2   0     -1  -1      -1   1
-1  -3     -2  -2       1  -1
```

በመካከለኛው ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቁጥር ማስታወስ ይበቃል፤ ሁለቱ ዓምዶች አንድ ሆነዋል። እንዲህ ያለው ራንኩ 1 ነው ይባላል። ከጠፋው ሰንጠረዥ የእያንዳንዱን ቁጥር ዳግም ርቢ ቢደምሩ 8 ነው፤ በትክክል σ₂²። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ኤካርትና ያንግ በ1936 እንዳሳዩት፣ ራንኩ 1 ከሆነ ማትሪክስ ሁሉ በዚህ መለኪያ ከዚህ አነስ ባለ ስሕተት Xን የሚጠጋ የለም። ለሌሎች ራንኮችም እንዲሁ ነው።

## አማካዩን መቀነስ ብረሳስ?

ፕሮግራሙ ምንም አይልም፤ ውጤቱም ከበፊቱ ያማረ ይመስላል። ለዚህ ነው ተለይቶ የሚጠየቀው።

በXᵀX ፈንታ DᵀD ቢሰላ ሰያፉ ላይ 210 እና 158፣ ጎን ላይ 174 ይወጣል። አይገንቫልዩዎቹ 359.9 እና 8.1 ገደማ ናቸው፤ የመጀመሪያው አቅጣጫ «97.8 በመቶውን ያብራራል» ይባልና ደስ ይላል። አቅጣጫውን ስናየው ግን (0.758, 0.653) ነው። የአማካዮቹ ቬክተር (7, 6) ወደ 1 ርዝመት ሲመጣ (0.759, 0.651) ነው። አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ስሌቱ የነገረን ተማሪዎቹ በምን እንደሚለያዩ ሳይሆን ውጤታቸው ከዜሮ ሩቅ መሆኑን ብቻ ነው። በሥራ ላይ የመጀመሪያው ድርሻ ያለ ልክ ትልቅ ከሆነ መጀመሪያ v₁ን ከአማካዩ ጋር ያነጻጽሩ።

የመለኪያ አሃድም እንዲሁ ያታልላል። ፈተና 2 ከ100 ቢታረም ኖሮ የሁለተኛው ዓምድ ቁጥሮች 10 እጥፍ ይሆናሉ፤ v₁ ወደ (0.043, 0.999) ይሄዳል። ፈተና 1 የለም ማለት ነው። ዓምዶች በተለያየ አሃድ ሲለኩ እያንዳንዱን በስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ማካፈል ያስፈልጋል። አሃዱ አንድ ከሆነ ግን ሳያስቡ ማካፈል እውነተኛውን የስርጭት ልዩነት ያጠፋል።

## በፓይተን እንዴት ይጻፋል?

```python
import numpy as np
D = np.array([[10, 7], [7, 8], [5, 6], [6, 3]], dtype=float)
X = D - D.mean(axis=0)
U, s, Vt = np.linalg.svd(X, full_matrices=False)
print(s)                      # [4.47213595 2.82842712]
print(s**2 / np.sum(s**2))    # [0.71428571 0.28571429]
```

`axis=0` ከተረሳ ከሁሉም ቁጥር ላይ የሚቀነሰው የአጠቃላዩ አማካይ 6.5 ነው፤ ዓምዶቹ ወደ 0 አይመጡም። ሦስተኛው ውጤት Vt መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ v₁ የሚገኘው `Vt[0]` ላይ፣ በረድፍ ነው። `np.linalg.eigh` ግን አይገንቬክተሮቹን በዓምድ ያስቀምጣል፣ አይገንቫልዩዎቹንም ከትንሽ ወደ ትልቅ ነው የሚደረድረው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ረድፍና ዓምድ፣ መጀመሪያና መጨረሻ አብረው ይገለበጣሉ።

`full_matrices=False` ካልተጻፈ U ካሬ ሆኖ ይመጣል። በእኛ ምሳሌ 4×4 ብቻ ነው። 10,000 ረድፍና 50 ዓምድ ባለው መረጃ ላይ ግን 800 ሜጋባይት ያህል ማስታወሻ ይወስዳል፤ ሲጻፍ 4 ሜጋባይት ይበቃዋል።

## ሲንጉላር ቫልዩ የXᵀX አይገንቫልዩ ዳግም ዘር ከሆነ፣ በዚያው መንገድ ባሰላው ምን አለበት?

በወረቀት ምንም የለበትም። በኮምፒውተር ግን ማባዛቱ ትንንሾቹን ያጠፋል። ረድፎቹ (1, 1)፣ (10⁻⁹, 0) እና (0, 10⁻⁹) የሆኑ ማትሪክስ ይውሰዱ። ትንሹ ሲንጉላር ቫልዩው በትክክል 10⁻⁹ ነው። XᵀX ሲሰላ ሰያፉ ላይ 1 + 10⁻¹⁸ መሆን አለበት፤ ተራው የኮምፒውተር ቁጥር ግን 16 ገደማ አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ 1 ብሎ ይመዘግበዋል። አራቱም ቁጥር 1 ሆነ፤ ትንሹ አይገንቫልዩ ቢሰላ ወይ 0 ነው ወይ የማጠጋጋት ኩስ። እንዲያውም አሉታዊ ሆኖ ከወጣ ዳግም ዘሩ `nan` ይሰጣል። `svd` Xን ራሱን ስለሚሠራበት 10⁻⁹ን አያጣውም። ረድፉ እጅግ ብዙ፣ ዓምዱ ጥቂት ሆኖ የሚፈለጉት ትልልቆቹ ብቻ ከሆኑ ግን XᵀX ፈጣንና በቂ ነው።

## በእጅ ያገኘሁት (0.707, 0.707) ነው፤ ፕሮግራሙ (−0.707, −0.707) አለኝ። የቱ ነው ልክ?

ሁለቱም። u₁ እና v₁ አብረው ምልክት ቢለውጡ ብዜታቸው ያው ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ዋስትና የለም። ለማነጻጸር ምልክቱን ትተው `U @ np.diag(s) @ Vt` ተመልሶ X መሆኑን ይፈትሹ። ሁለት ሲንጉላር ቫልዩዎች እኩል ከሆኑ ደግሞ ልዩነቱ ከምልክት ያልፋል፤ የሁለቱ ቬክተሮች ጥንድ በሚዘረጋው ገጽ ውስጥ እንደፈለገ ዞሮ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ እያንዳንዱን ቬክተር ለየብቻ መተርጎም አይቻልም።